«አሥራ አምስት ይዟል»፦ ልጅ ኢያሱ ሥልጣን ሲይዝ ስንት ዓመቱ ነበር?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሰላም ነው? ደሴ ነው የምኖረው። እንግዳ ማስጎብኘት ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ስንደርስ ሁሌ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ ልጅ ኢያሱ ሥልጣን ሲይዝ ስንት ዓመቱ ነበር? አያቴ 15 ይሉ ነበር። ትምህርት ቤት 14 ተብለናል። ስልኬ ላይ 12ም 13ም አገኘሁ። አንድ ጎብኚ ደግሞ ድሮ ዕድሜ የሚቆጠረው ከጽንስ ጀምሮ ነው አለኝ። የቱን ልናገር?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ አያትህም መምህርህም ልክ ናቸው። አልተጣሉም። 14 እና 15 የአንድ ልጅ ዕድሜ ነው፤ የተለያየው የተነገረበት ቋንቋ ነው። 12 እና 13ም እንደዚያው የአንድ ልጅ ዕድሜ ነው። ስለዚህ በእጅህ ያለው አራት መልስ ሳይሆን ሁለት ነው። እውነተኛው ክርክር ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ እሱም የዕድሜ ሳይሆን የልደት ዓመት ክርክር ነው።

ከቋንቋው ልጀምር። አማርኛችን ለዕድሜ አንድ ግስ ብቻ የለውም። አንዲትን እናት ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነው ብለህ ጠይቃት። «አምስት ሞልቶት ስድስት ይዟል» ትልሃለች። «ሞላው» ወይም «ደፈነ» ያለቀውን ዓመት ነው የሚቆጥረው። «ያዘ» ወይም «ገባ» ደግሞ አሁን እየሄደ ያለውን። ሁለቱን አብራ ስትነግርህ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው ቸኩላ «ስድስት ይዟል» ብላ ዝም ስትል ነው። ሰሚው ከዚያ ላይ «ይዟል»ን ይጥልና «ስድስት»ን ብቻ ወደ ወረቀት ይወስዳል።

ይህ በእኔም ደርሷል። እናቴ ኩታበር ነው የወለደችኝ፣ ኅዳር 1965። በሚያዝያ 1985 መታወቂያ ላወጣ አንድ መሥሪያ ቤት ይዛኝ ሄደች። ጸሐፊው ቀና ሳይል «ዕድሜ?» አለ። እናቴ «ሃያ አንድ ይዟል» አለች። ልክ ናት፤ ሃያ ሞልቶኝ ሃያ አንደኛው ከተጀመረ አምስት ወር አልፎታል። ሰውዬው ከ85 ላይ 21 ቀነሰና 1964 ብሎ ጻፈ። ይኸው እስከ ዛሬ በወረቀት ከራሴ በአንድ ዓመት እበልጣለሁ። እናቴ አልዋሸችም፣ ጸሐፊውም መቀነስ አልተሳሳተም። በመሃል የወደቀችው «ይዟል» የምትለዋ ቃል ናት።

አሁን ይህንን ይዘህ ወደ ልጅ ኢያሱ ና። በብዛት የሚጠቀሰው የልደት ቀኑ በፈረንጆች ፌብሯሪ 4 ቀን 1895 ነው። በእኛ ጥር መጨረሻ 1887 መሆኑ ነው። አባቱ የወሎው ራስ ሚካኤል፣ እናቱ የዐፄ ምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋ ናቸው። ዐፄ ምኒልክ አልጋ ወራሽነቱን ያሳወቁት በግንቦት 1901 ነው። ከጥር 1887 እስከ ጥር 1901 ድፍን 14 ዓመት ነው። ከዚያ እስከ ግንቦት ሦስት ወር ተኩል ገደማ ይጨመራል። ስለዚህ ልጁ 14 ሞልቶት 15 ይዟል። መምህርህ የሞላውን ነገሩህ፣ አያትህ የያዘውን።

አያትህ «15 ነበር» ነው ያሉት ወይስ «15 ይዞ ነበር»? ቤተሰብ ውስጥ ሌላ የሚያስታውስ ሰው ካለ ብትጠይቅ ደስ ይለኛል። እኔ ከደሴና ከዙሪያዋ አዛውንቶች ብዙ ጊዜ የሰማሁት «ይዞ» የሚለውን ነው።

ለነገሩ ይህ አቆጣጠር የወሎ ወይም የአማርኛ ብቻ አይደለም። የጥንት ሮማውያንም ሰው በ15ኛ ዓመቱ ላይ ነው ሲሉ የተጀመረውን ዓመት ነው የሚያወሩት፤ የሞላው 14 ነው። የእኛም ቤተ ክርስቲያን የመነሻውን ቀን ትቆጥራለች። ዓርብ ተሰቅሎ እሑድ ተነሣ ስንል «በሦስተኛው ቀን» እንላለን። በሰዓት ብትሰፍረው ሁለት ቀን እንኳ አይሞላም። ዓርብ አንድ፣ ቅዳሜ ሁለት፣ እሑድ ሦስት ተብሎ ነው። ሰኞ የተወለደ ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ሲገረዝ ያ ቀን የሚቀጥለው ሰኞ ነው። በዚህ ልማድ ያደገ ሰው ዓመትንም እንዲሁ ቢቆጥር ምን ይገርማል?

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ያኛው ነው ሰውን ይበልጥ የሚያምታታው። ልደቱ መቼ እንደሆነ ሳይጠየቅ፣ የተወለደበት ዘመን አንድ ተብሎ በየአዲስ ዓመቱ አንድ አንድ ይጨመራል። በቻይናና በኮሪያ ለረጅም ዘመን የተሠራበት ይህ ነው። ሕፃኑ ሲወለድ አንድ ዓመቱ ነው፤ አዲስ ዓመት ሲጠባ የሁሉም ሰው ዕድሜ በአንድ ጊዜ ይጨምራል። በዓመቱ መጨረሻ ላይ የተወለደ ሕፃን በማግስቱ «ሁለት ዓመቱ» ይባላል። ደቡብ ኮሪያ ይህንን ከመንግሥት ሥራ ያስወጣችው ገና በፈረንጆች 2023 ነው። ጎብኚህ ከጽንስ ጀምሮ ያለህ ይህንን ሰምቶ ይመስለኛል። ሕፃኑ አንድ ተብሎ መጀመሩን ብዙዎች የማህፀኑ ዘጠኝ ወር ነው ብለው ይፈቱታል። ለኢያሱ ግን አያስፈልግህም። ጽንሱን ብትጨምርበት እንኳ በግንቦት 1901 ልጁ 15 ዓመት ሞልቶት ነው የሚገኘው፤ ያው 15 ነው።

ሦስቱ መንገዶች የሚለያዩት መቼ እንደሆነ ልንገርህ። ቀኑ ከልደቱ ወር በፊት ሲውል ነው። ዐፄ ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ነው። ኢያሱ የጥር ልጅ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ ልደቱ ገና ነው። የሞላውን ብትቆጥር 18 ነው፣ ከአሥር ወር ጋር። የያዘውን ብትቆጥር 19። ዘመኖቹን ከ1887 እስከ 1906 በጣት ብትቆጥር 20 ይወጣሃል። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ ሦስት ቁጥር፤ ማንም ሳይዋሽ። በግንቦት 1901 ግን የያዘውም 15፣ በጣት የቆጠርከውም 15 ነው፤ ልደቱ አልፏልና። ስለዚህ አያትህ በየትኛው መንገድ እንደቆጠሩ ከቁጥሩ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

ወሎ ውስጥ አራተኛም አለ። ደሴ ያለ ጎረቤቴ ሼህ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሂጅራ ነው የሚያወሩት። የሂጅራው ዓመት በጨረቃ ስለሆነ 354 ቀን ገደማ ነው፤ ከእኛ በ11 ቀን ያጥራል። እሳቸው 70 ሲሉ በእኛ 68 መሆኑ ነው። ቡና ላይ ሁሌ እቀልድባቸዋለሁ፣ «ሁለት ዓመት ቀድመውን አረጁ» እያልኩ። ለሽማግሌ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ለ14 ዓመት ልጅ ግን ጠቅላላ ልዩነቱ አምስት ወር ገደማ ቢሆን ነው፤ አሥራ አራቱን ብቻውን አሥራ ሁለት አያደርገውም።

ታዲያ 12 እና 13 ከየት መጡ? እዚህ ላይ አቆጣጠር አይረዳንም። የኢያሱን ልደት ወደ ጥር 1889 የሚያመጡት አሉ፤ በፈረንጆች 1897። በዚያ ከሄድክ በግንቦት 1901 ልጁ 12 ሞልቶት 13 ይዟል። አየህ፣ ያው ጥንድ ነው። ስልክህ ላይ ያገኘኸው 12 እና 13 የሚጣሉ ቁጥሮች አይደሉም። የ1889 ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የሞላውን፣ ሌላው የያዘውን የጻፈ።

አንድ መጥፎ ነገር አለ። 13 በሌላ በር ሊገባም ይችላል፤ በመቀየር ስህተት። የኛን ዘመን ወደ ፈረንጅ ስትወስድ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ትደምራለህ። ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። ጥርም ግንቦትም 8 የሚደመርባቸው ናቸው። ብዙ ሰው ግን ሁልጊዜ 7 ይደምራል። ልደቱን 1895 ብሎ በትክክል ይዞ 1901ን 1908 ካደረገው ልጁ 13 ይሆናል። ልደቱን 1894 አድርጎ 1901ን በትክክል 1909 ካለ ደግሞ 15። ይህ 15 የአያትህ 15 አይደለም፤ በአጋጣሚ የተመሳሰለ ነው። የእኔ ምክር ቀላል ነው። ሁለቱም ቀኖች በእኛ ዘመን ካሉህ ፈረንጁን ተወው። 1901 ሲቀነስ 1887፣ ወሩን አይተህ ጨርስ።

ቀኑን እስከ ዕለቱ ማወቅ ከፈለግህ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ዛሬ ፌብሯሪ 4 የሚውለው በአብዛኛው ጥር 27 ነው። ብዙዎች የኢያሱን ልደት በዚህ ይቀይሩታል። በ1887 ግን ፌብሯሪ 4 የዋለው ጥር 28 ነው። ፈረንጆች በ1900 ዓመታቸው ፌብሯሪ 29ን ስለዘለሉ ከዚያ ወዲህ በአንድ ቀን ተለያይተናል። ማረጋገጫው አድዋ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 በፈረንጆች ማርች 1 ነበር፤ ዛሬ የምናከብረው በብዛት ማርች 2 ላይ ነው። ለዕድሜው ምንም አይለውጥም። የሚጠቅምህ አንድ ሰው በእርግጠኝነት ጥር 27 ሲልህ ከድሮ ሰነድ አንብቦ ነው ወይስ በዛሬ ሰሌዳ ቀይሮ ነው ብለህ ለመጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። 1887 ወይስ 1889? ሁለቱን የሚለይ ቀን እጃችን ላይ አለ፣ አሁን የጠራሁት። አድዋ በመሃል ነው የሚወድቀው። በመጀመሪያው ከሄድክ ራስ ሚካኤል የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ወደ አድዋ ሲወጡ ቤት ውስጥ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ትተዋል። በሁለተኛው ከሄድክ ልጁ የተወለደው ከድሉ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ዘግይቶ ነው። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። የድሮ ሰው ቁጥር ሊረሳ ይችላል፤ «ከአድዋ በፊት» እና «ከአድዋ በኋላ» ግን አይምታታበትም። ከዚያ በፊት ያለው መለያ ክፉ ቀን ነው፣ ከ1880 እስከ 1884 ያለው ረሃብ። አሮጊቶቻችን «እገሌ የክፉ ቀን ልጅ ነው» ካሉ ያ ምስክርነት ከየትኛውም መታወቂያ ይበልጣል።

ስለዚህ አዛውንት ስትጠይቅ «ስንት ዓመቱ ነበር?» አትበል። «የተወለደው ዘማቾቹ ከመውጣታቸው በፊት ነው ከተመለሱ በኋላ?» በል። ዘመነ ወንጌላዊውንም ጠይቅ። 1887 ዘመነ ሉቃስ ነው፣ 1889 ዘመነ ማቴዎስ። ሰው የዓመቱን ቁጥር ረስቶ ወንጌላዊውን ሊያስታውስ ይችላል። ግን ብቻውን አይበቃም፤ ሉቃስ በየአራት ዓመቱ ይመለሳል። «በሉቃስ ነው» የሚል ምስክር 1883ም፣ 1887ም፣ 1891ም ሊሆንበት ይችላል። ከአድዋ ጋር ስታጋጥመው ነው የሚጠብቀው።

የእኔን ፍርድ ከፈለግህ ወደ 1887 አደላለሁ። ቀንና ወር ስላለው ብቻ አይደለም፤ ቀንና ወር ያለው ስህተት ሞልቷል። የሚያደላኝ በኋላ የሆነው ነገር ነው። ልጁ ወራሽ ሲባል ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚት ሆኑለት። እሳቸው በሚያዝያ 1903 ሲሞቱ ሌላ ሞግዚት አልተሾመም፤ ከአሁን ወዲህ ራሱን ይችላል ተባለ። በ1887 ልደት ያኔ 16 ሞልቶት 17 ይዟል። በ1889 ልደት ደግሞ 14 ሞልቶት 15። ያን ሁሉ መኳንንት ያለ ሞግዚት ያዝ ለማለት 16ቱ ይቀላል። ማስረጃ ነው አልልህም፤ ሚዛን የሚያዘነብል ነገር ነው።

ደግሞ ማን እንደሚያወራው አድምጥ። ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ከሥልጣን ሲወርድ በ1887 ልደት 21 ሞልቶት 22 ይዞ ነበር። ከዚያ በኋላ ታሪኩን ለመጻፍ የተመቻቸው ያወረዱት ወገኖች ነበሩ። «ልጅ ነበር፣ አያውቅም ነበር» ማለት ለእነሱ ይጠቅማል። ወሎ ውስጥ ያለው ወዳጅ ደግሞ ከፍ ማድረግ ይወዳል። ሰው እያወቀ ቁጥር ፈጠረ አልልም። ሁለት ቁጥር ከቀረበለት ግን ልቡ የሚወደውን ያነሣል።

12 ላይ ራሱ ትንሽ ጠርጣራ ሁን። በመጽሐፈ ነገሥት ምናሴ የነገሠው በ12 ዓመቱ ነው፤ ጌታ በቤተ መቅደስ ከመምህራን ጋር የተገኘውም በ12 ዓመቱ። ለልጅ ገዢ ጆሮ የለመደው ቁጥር ነው። የለመድነው ቁጥር ሳናስበው ብዕር ላይ ይመጣል።

አሁን የአንተን ጥያቄ መልሰህ አንብበው። «ሥልጣን ሲይዝ» ነው ያልከው። እስካሁን ስለ አልጋ ወራሽነቱ ነው ያወራነው። ሥልጣን የያዘው ግን መቼ ነው? በግንቦት 1901 ወራሽ ተባለ፣ ዐፄ ምኒልክ በሕይወት አሉ፣ ሞግዚትም አለ። በ1903 ሞግዚቱ ሞቱ፣ ንጉሡ ታመው አልጋ ላይ ናቸው፣ ልጁ ወደ ሥራው ገባ። በታኅሣሥ 1906 አያቱ አረፉ፤ ሞታቸውም ለረጅም ጊዜ በይፋ አልተነገረም። ከዚያ በኋላም ዘውድ አልጫነም። እስከ መጨረሻው «ልጅ» ኢያሱ ነው የተባለው። ደሴ ላይ ዘውድ የጫኑት አባቱ ናቸው፤ በግንቦት 1906 ንጉሥ ሚካኤል ተባሉ። ልጁ ያልተቀባ፣ አባቱ የተቀቡ! እንግዶችህ ይህን ሲሰሙ አዳራሹን በሌላ ዓይን ነው የሚያዩት።

እንግዲህ ልዩነቱን መዝን። በሞላውና በያዘው መካከል ያለው አንድ ዓመት ነው። በሁለቱ የልደት ዘመኖች መካከል ሁለት ዓመት። በ«ወራሽ ተባለ» እና «አያቱ ሞቱ» መካከል ግን አራት ዓመት ተኩል። ትልቁ ስህተት የሚመጣው ሁለት ሰዎች ስለ ተለያየ ቀን እያወሩ ስለ ዕድሜ የሚከራከሩ ሲመስላቸው ነው። አንዱ 14 ሲል ሌላው 18 ቢለው ሁለቱም ሊረቱ የማይገባቸው ሆነው ያመሻሉ።

አይጠየፍ በር ላይ ቆመህ የምትለውን እንዲህ ብታደርገው፦ «በብዛት በሚታመነው ልደቱ ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ ሲባል 14 ሞልቶት 15 ይዞ ነበር። ሞግዚቱ ሞተው ራሱን ሲችል 16 ሞልቶት ነበር። ዐፄ ምኒልክ ሲያርፉ 18።» አንዱ ጎብኚ ተነሥቶ 12 ነው ካለህ አትከራከረው። «ከአድዋ በኋላ ተወለደ ከሚሉት ወገን ነዎት ማለት ነው» በለው። ምናልባት ጭራሽ ያልሰማኸውን የቤተሰብ ወሬ ያወጣልሃል። ካወጣልህ ለእኔም ላክልኝ፤ ቃሉን ሳትለውጥ ግን፣ «ይዞ» ካለ «ይዞ» ብለህ።